ሂሳብ ጎድሎ የሚመለስ ክፍያ፦ ዳይሬክት ዴቢትና ስታንዲንግ ኦርደር በእንግሊዝ አገር

በእንግሊዝ አገር የቤት ኪራይ፣ የመብራትና የጋዝ፣ የስልክ፣ የመኪና ኢንሹራንስና የካውንስል ታክስ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ በየወሩ ከባንክ ሂሳብ የሚወጣው ከሁለት መንገዶች በአንዱ ነው። አንደኛው ስታንዲንግ ኦርደር፣ ሌላው ዳይሬክት ዴቢት ይባላል። ለሂሳቡ ባለቤት ሁለቱም አንድ ይመስላሉ፤ ቀኑ ሲደርስ ገንዘቡ ማንም ሳይነካው ይሄዳል። ሂሳቡ ጎድሎ ክፍያው ሲከሽፍ ግን የየራሳቸው ጠባይ ይወጣል። ልዩነቱ የሚጀምረው ገንዘቡን ከሚያንቀሳቅሰው ወገን ነው።

ስታንዲንግ ኦርደር ከፋዩ ለራሱ ባንክ የሚሰጠው ትእዛዝ ነው። በየወሩ በ1ኛው ቀን 850 ፓውንድ ለዚህ ሂሳብ ይላክ ብሎ ያዛል፤ መጠኑን፣ ቀኑንና ተቀባዩን የሚወስነው እሱ ነው። ተቀባዩ ከመጠበቅ ሌላ ድርሻ የለውም። በዳይሬክት ዴቢት ነገሩ ይገለበጣል። ከፋዩ አንድ ጊዜ ፈቃዱን ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ስንት እንደሚወሰድና መቼ እንደሚወሰድ አስልቶ ጥያቄ የሚያቀርበው ድርጅቱ ነው። የመጀመሪያው የሚላክ ገንዘብ ነው፤ ሁለተኛው የሚሳብ። ስለዚህ ዳይሬክት ዴቢት ሲከሽፍ ድርጅቱ ወዲያው ይነገረዋል፤ ስታንዲንግ ኦርደር ሲከሽፍ ግን ለተቀባዩ የሚነግረው የለም።

የዳይሬክት ዴቢት ጥያቄዎች የሚያልፉት ባክስ በሚባለው የክፍያ ሥርዓት ነው። ባክስ እ.ኤ.አ. በ1968 የተጀመረ ሲሆን ዛሬም የሚሠራው በሦስት የሥራ ቀናት ዙር ነው። በመጀመሪያው ቀን ድርጅቱ የሚሰበስባቸውን ክፍያዎች ዝርዝር ያስገባል። በሁለተኛው ቀን ዝርዝሩ ተጣርቶ ለየባንኩ ይከፋፈላል። በሦስተኛው ቀን፣ ገና በሌሊት፣ ገንዘቡ ከከፋዩ ሂሳብ ይቀነሳል፤ በዚያው ቀን የድርጅቱ ሂሳብ ላይ ይገባል። ማክሰኞ የሚወሰድ ክፍያ ዓርብ ዕለት ተልኳል ማለት ነው። ቅዳሜና እሑድ እንዲሁም የባንክ በዓላት በዙሩ ውስጥ አይቆጠሩም። ብዙ ሰው የማያውቀው ይህን ነው፤ ሰኞ ማታ ወደ ድርጅቱ ተደውሎ ነገ እንዳትወስዱ ቢባል፣ የስልኩ ሠራተኛ ቅን ቢሆንም እንኳ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ጥቂት ነው፤ ጥያቄው ከእጁ ወጥቷል።

ወሳኙ ሰዓት እንግዲህ የሦስተኛው ቀን ሌሊት ነው። ስታንዲንግ ኦርደርም በአብዛኛው የሚላከው ጎህ ሳይቀድ ነው። በዚያ ሰዓት ባንኩ የሚመለከተው አንድ ቁጥር ነው፦ በሂሳቡ ላይ ሊወጣ የሚችለው ገንዘብ ስንት ነው? ደመወዝ ረፋዱ ላይ እንደሚገባ ወይም ባለቤቱ በሌላ ባንክ ገንዘብ እንዳለው ባንኩ አያሰላም።

ሊወጣ የሚችለው ገንዘብና በሂሳቡ ላይ የተጻፈው ገንዘብ አንድ አይደሉም። የባንኩ አፕ ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥሮች ያሳያል፤ ሁለተኛው Available balance ተብሎ የተጻፈው ነው። ይህኛው ቁጥር በካርድ ተከፍለው ገና ያልተወራረዱትን፣ Pending ከሚለው ቃል ሥር የሚታዩትን ክፍያዎች ቀንሶ የሚቀረውን ያሳያል፤ ኦቨርድራፍት የተፈቀደለት ሂሳብ ከሆነ ደግሞ አንዳንድ ባንኮች የኦቨርድራፍቱን ጣሪያ ይደምሩበታል። ሆቴል ወይም የኪራይ መኪና ድርጅት ለዋስትና የያዘው ገንዘብ፣ ነዳጅ ማደያ ማሽኑ ላይ ካርድ ሲገባ አስቀድሞ የሚያዘው ገንዘብ፣ ገብቶ ገና ያልጸዳ ቼክ፣ እነዚህ ሁሉ ያለውን ገንዘብ እንደሌለ የሚያስቆጥሩ ናቸው። ሰው ገንዘቡ እያለኝ ክፍያዬ ተመለሰ ብሎ ሲቆጣ፣ ብዙውን ጊዜ ያየው የመጀመሪያውን ቁጥር፣ ባንኩ ያየው ደግሞ ሁለተኛውን ነው።

ሁለተኛው የተለመደ ምክንያት የደመወዝ ሰዓት ነው። ደመወዝ በባክስ በኩል የሚከፍል አሠሪ ገንዘቡን የሚያስገባው እዚያው ሌሊት ስለሆነ ከክፍያዎቹ ጋር እኩል ይደርሳል። ብዙ ኤጀንሲዎችና ትናንሽ አሠሪዎች ግን ፈጣን በሚባለው ዝውውር፣ ማለትም በፋስተር ፔይመንትስ፣ በቀኑ የሥራ ሰዓት ይከፍላሉ። ቀኑ አንድ ነው፤ በሰዓት ግን ወጪው ገቢውን ይቀድመዋል። የቀን መቁጠሪያውም ያሳስታል። የደመወዝ ቀን እሑድ ላይ ሲውል ደመወዝ አብዛኛውን ጊዜ ዓርብ ይገባል፤ እሑድ የዋለ ዳይሬክት ዴቢት ግን ወደ ሰኞ ይሻገራል። በመሃል ቅዳሜና እሑድ አለ፤ ገበያ አለ፤ ሰኞ ሌሊት ሂሳቡ የሚገኘው ተመትቶ ነው። በታኅሣሥ ብዙ አሠሪዎች ከፈረንጆች ገና በፊት ስለሚከፍሉ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ጊዜ ከሌሎቹ ወራት ይረዝማል።

የሌሊቱ ሙከራ ቢከሽፍ ነገሩ እዚያው አያበቃም። የእንግሊዝ ባንኮች ክፍያውን በዚያው ቀን እንደገና ይሞክሩታል። ገንዘብ ለማስገባት የሚሰጠው ጊዜ በአብዛኞቹ ዘንድ እስከ ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ትክክለኛውን ሰዓት እያንዳንዱ ባንክ በራሱ ደንብ ይጽፋል። ይህ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በኢትዮጵያውያን አነጋገር ከቀኑ 8 ሰዓት ማለት ነው። ከስልክ ላይ መልእክቱን ያነበበ ልጅ ለእናቱ እስከ 2 ሰዓት አስገቢ ቢላት፣ እናቲቱም የማታውን 2 ሰዓት ብትጠብቅ፣ ስድስት ሰዓት ዘግይታለች፤ እንዲህ ያለ መደናገር በየቤቱ የሚገጥም ነው። በሰዓቱ ገንዘብ የገባለት ክፍያ ያልፋል፤ ድርጅቱም ጎድሎ እንደነበረ አያውቅም። የሚገባው ገንዘብ ግን ወዲያው የሚቆጠር መሆን አለበት። ከሌላ ሂሳብ በአፕ የተላለፈ ገንዘብ በደቂቃዎች ይደርሳል፤ ቼክ ማስገባት ግን ለዚያ ቀን አይረዳም።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። በለንደን አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄደች የምትንከባከብ ሠራተኛ አለች እንበል። ሥራዋ ያለ መኪና አይሆንም፤ ስለዚህ የመኪና ኢንሹራንሷ በየወሩ 68.40 ፓውንድ፣ የስልኳ ደግሞ 18 ፓውንድ በዳይሬክት ዴቢት ይወጣል። በዚህ ወር ሁለቱም የሚወሰዱት ዓርብ ነው። ሐሙስ ማታ በሂሳቧ ላይ 131.20 ፓውንድ ተጽፏል። ሁለቱ ክፍያዎች ተደምረው 86.40 ስለሆኑ ይበቃል ብላ ተኝታለች። ይሁን እንጂ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ነዳጅ ስትቀዳ ማሽኑ አስቀድሞ 100 ፓውንድ ይዞባታል። የቀዳችው የ35 ፓውንድ ነው፤ ትርፉ ግን እስከ ዓርብ ሌሊት አልተለቀቀም። ስለዚህ ባንኩ ሌሊት ሲያይ ሊወጣ የሚችለው 31.20 ብቻ ነው። የስልኩ 18 ፓውንድ አለፈ፤ 13.20 ቀረ። የኢንሹራንሱ 68.40 አላለፈም።

የነዳጁ ትርፍ በጊዜው ተለቆ ቢሆን ኖሮ 96.20 ይኖራት ነበር፤ ሁለቱም ክፍያዎች አልፈው 9.80 ይተርፋት ነበር። ደመወዟ ዘወትር ዓርብ ረፋድ ላይ ስለሚገባም የከሰዓቱ ድጋሚ ሙከራ ያድናት ነበር። በዚያ ዓርብ ግን ኤጀንሲው ዘግይቶ ከፈለ፤ ገንዘቡ ሲደርስ የከሰዓቱ ሙከራ አልፏል። ክፍያው በዚያው ቀን የከሸፈ ሆኖ ተመዘገበ። ኦቨርድራፍት ስላልነበራት ሌላ መውጫ አልነበረም። በተረፈ ስልኩ ቀድሞ አልፎ ኢንሹራንሱ የቀረው በዕድል አይደለም፤ በአንድ ቀን ብዙ ክፍያዎች ሲመጡ ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ባንኩ ነው። ከፋዩ ኢንሹራንሱ ይቅደም፣ ስልኩ ይቆይ ማለት አይችልም።

በስቴትመንቱ ላይ የከሸፈ ዳይሬክት ዴቢት ብዙ ጊዜ በሁለት መስመር ይታያል። በአንዱ 68.40 ወጥቷል፤ በሌላው ያው 68.40 ተመልሶ ገብቷል። ጠዋት አፑን ከፍቶ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ያየ ሰው ተከፍሏል ብሎ ሊዘናጋ ይችላል። ስለዚህ የሚታመነው በማግስቱ የሚነበበው ዝርዝር ነው። ባንኩም ክፍያውን እንዳልፈጸመ ለደንበኛው የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ማስታወቂያው በአፕ፣ በስልክ መልእክት ወይም በደብዳቤ ሊመጣ ይችላል።

ባንኩ ሂሳቡ ጎድሎ ሳለ ክፍያውን ሊያሳልፈውም ይችላል። አስቀድሞ የተፈቀደ ኦቨርድራፍት ካለ ገንዘቡ ከዚያ ይወጣል፤ ካልተፈቀደም ባንኩ በራሱ ውሳኔ ሊያሳልፈው ይችላል። ያን ጊዜ ክፍያው አልከሸፈም፤ ከፋዩ ግን የባንኩ ባለዕዳ ሆኗል። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2020 በፊት ይህ ከባድ ዋጋ ነበረው። ባንኮች ባልተፈቀደ ኦቨርድራፍት ላይ በየቀኑ ወይም በየክፍያው ቁርጥ ያለ ቅጣት ይጥሉ ነበር፤ የ20 ፓውንድ ጉድለት ከራሱ የበለጠ ቅጣት ያስከትል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሶ ባንኮቹ ረትተዋል። ከዓመታት በኋላ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደንቡን ቀየረ፤ አሁን ቁርጥ ክፍያ ተከልክሎ የሚታሰበው በዓመት የሚሰላ አንድ ወለድ ብቻ ነው፤ ያልተፈቀደው ኦቨርድራፍትም ከተፈቀደው የበለጠ ዋጋ ሊጠየቅበት አይችልም። ክፍያ በመመለሱ የሚጠየቅ ገንዘብ ካለም ባንኩ ካወጣው ወጪ ጋር የሚመጣጠን መሆን አለበት። ብዙ ባንኮች ከነጭራሹ ትተውታል። ስለዚህ ዛሬ ዋናው ጉዳት የሚመጣው ከባንኩ ሳይሆን ገንዘቡን ካጣው ድርጅት በኩል ነው።

ወደ ምሳሌው ስንመለስ፣ የኢንሹራንስ ድርጅቱ የተመለሱ ክፍያዎችን ዝርዝር ከባክስ ያገኛል። በዝርዝሩ ላይ ከስሟ አንጻር ኮድ 0 ይነበባል፤ ትርጓሜው Refer to payer ነው። ይህ ኮድ ሂሳቧ ጎድሏል ብሎ በግልጽ አይናገርም፤ ምክንያቱን ከፋዩን ጠይቁ ነው የሚለው። ኮድ 1 ቢሆን ኖሮ ከፋዩ ፈቃዱን ሰርዟል፣ ኮድ ቢ ቢሆን ሂሳቡ ተዘግቷል ማለት ነበር። ልዩነቱ ለድርጅቱ ቁም ነገር አለው። በኮድ 0 ፈቃዱ እንዳለ ስለሚቆይ እንደገና መሞከር ይችላል፤ በሌሎቹ ግን አይችልም።

ድርጅቱ እንደገና ሲሞክር የሚጠይቀው ያንኑ መጠን፣ ሳንቲም ሳይጨምር መሆን አለበት። ከመጀመሪያው ቀን በአንድ ወር ውስጥ ከሆነ ሌላ የቅድሚያ ማስታወቂያ ሳይልክ መጠየቅ ይችላል። በውሉ ላይ የመዘግየት ቅጣት ቢኖር እንኳ በ68.40 ላይ ደምሮ 80.40 ብሎ ሊስበው አይችልም፤ ለቅጣቱ ሌላ ማስታወቂያ ያስፈልጋል፤ የተለመደውም 10 የሥራ ቀናት ቀድሞ የሚላክ ነው፤ ከፋዩ ለአጭር ጊዜ ካልተስማማ በቀር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ክፍያው መመለሱን ያየ ሰው ደንግጦ ወደ ድርጅቱ ደውሎ በካርድ ይከፍላል። መልካም ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን ድርጅቱ ማክሰኞ ድጋሚ ጥያቄውን ለባክስ ካስገባ፣ ሐሙስ ሌሊት ገንዘቡ መወሰዱ አይቀርም። ረቡዕ በካርድ የከፈለ ሰው ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው፤ ሂሳቡም እንደገና ይጎድልና ሌላ ክፍያ ይከሽፋል። ስለዚህ በካርድ ከመክፈል በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ድጋሚ ጥያቄው ተልኳል ወይስ አልተላከም? ከተላከ የሚሻለው ገንዘቡን ሂሳቡ ላይ አስቀምጦ መጠበቅ ነው። ካልተላከ በካርድ ከፍሎ ድጋሚ እንዳይላክ ማስመዝገብ ይቻላል፤ የክፍያውን ማረጋገጫ ቁጥርና የተነገረበትን ቀን መጻፍ ያስፈልጋል። ሁለት ጊዜ የተወሰደ ገንዘብ ድርጅቱ መመለስ ይኖርበታል፤ የሚመለስበት ቀን ግን ለሌላኛው የተመለሰ ክፍያ አይደርስም።

ሌላው ስሕተት በብስጭት አፑ ውስጥ ገብቶ ዳይሬክት ዴቢቱን መሰረዝ ነው። መሰረዝ ይቻላል፤ መብት ነው። ድጋሚውን ሙከራ ያቆመዋል፤ ዕዳውን ግን አያነሳውም። ሲሰረዝ የሚቀረው የዚህ ወር ክፍያ ብቻ ሳይሆን የመጪዎቹም ሁሉ ነው፤ ድርጅቱም በኮድ 1 ከፋዩ ሆን ብሎ አቋረጠ ብሎ ያነበዋል። በኢንሹራንስ ላይ ይህ አነጋገር ዋጋ ያስከፍላል።

የመኪና ኢንሹራንስ በየወሩ ሲከፈል አብዛኛውን ጊዜ የዓመቱ ዋጋ በብድር ተከፍሎ በየወሩ የሚመለስ ዕዳ ነው። ስለዚህ ክፍያው ሲከሽፍ አበዳሪው ቀነ ገደብ የያዘ ማስጠንቀቂያ ይልካል፤ እስከዚያ ካልተከፈለ ኢንሹራንሱ ይሰረዛል። ደብዳቤው ወደ ድሮ አድራሻ ቢሄድ ወይም ኢሜይሉ ከማስታወቂያዎች መካከል ቢቀበር ስረዛው አይቆምም። ሠራተኛዋ ይህን ሳታውቅ መኪናዋን ብትነዳ የኢንሹራንስ አለመኖር ቅጣት ይመጣል፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ እንኳ 300 ፓውንድና 6 ነጥብ ነው። ፖሊስ መኪናውን ሊይዝም ይችላል። መንጃ ፈቃድ ካገኘ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሹፌር 6 ነጥብ ከደረሰበት ፈቃዱ ይሰረዛል፤ ፈተናውንም እንደ አዲስ መውሰድ አለበት። በሌላ አገር መንጃ ፈቃድ ለዓመታት ነድቶ እንግሊዝ ውስጥ አዲስ ፈተና ያለፈ ሰውም ከዚህ አያመልጥም። ከዚያ ወዲያ ደግሞ አዲስ ኢንሹራንስ ሲጠየቅ ከዚህ ቀደም ኢንሹራንስዎ ተሰርዞ ያውቃል ወይ የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ አዎ የሚለው መልስ ዋጋውን ያንረዋል። 68.40 ፓውንድ ለጥቂት ሰዓታት መጉደሉ ወደዚህ ሊያደርስ ይችላል፤ ስለዚህ ከሁሉም የተመለሱ ክፍያዎች ቀድሞ መታየት ያለበት የኢንሹራንሱ ነው።

ስታንዲንግ ኦርደር እንዲህ ያለ ጫጫታ የለውም። ሂሳቡ ጎድሎ ባንኩ ካልላከው ለተቀባዩ ኮድም ዝርዝርም አይደርሰውም፤ የሚያየው ያልገባውን ገንዘብ ነው። በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ይህን የሚያውቁት ከእድር መዋጮና ከቤተ ክርስቲያን ወርኃዊ አስተዋጽኦ ነው፤ ሁለቱም ብዙ ጊዜ በስታንዲንግ ኦርደር ይከፈላሉ። የእድሩ ገንዘብ ያዥ የመቶ አባላትን ስም ከባንኩ ዝርዝር ጋር በእጁ ካላስተያየ አንድ አባል በግንቦት እንዳልከፈለ የሚያውቀው ምናልባት በመስከረም ነው። አባሉም ትእዛዙን አንድ ጊዜ ስላስመዘገበ በየወሩ እንደሚሄድለት ያስባል። በዚያው ቀን ከሚደረገው ድጋሚ ሙከራ በኋላ፣ የባንኩ ደንብ ሌላ ካላለ፣ ያለፈው ወር ክፍያ ተመልሶ አይሞከርም፤ ትእዛዙ የሚንቀሳቀሰው በሚቀጥለው ወር ለሚቀጥለው ወር ክፍያ ነው። የጎደለውን ከፋዩ ራሱ በእጁ መላክ አለበት። አንዳንድ ባንክ ትእዛዙ በተከታታይ ሲከሽፍ ጨርሶ ይሰርዘዋል። የቤት ኪራይም በስታንዲንግ ኦርደር የሚከፈል ከሆነ እንዲሁ ነው፤ የቤቱ ባለቤት ገንዘቡ እንዳልገባ ሲያውቅ በውሉ መሠረት ኪራዩ የዘገየ ነው፤ የባንኩ ስሕተት ይሁን የሂሳብ ማነስ ለእሱ ልዩነት የለውም። ኪራይ በሚከፈልበት ቀን ማግስት ስቴትመንቱን ማየት የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈራው የወንጀሉን ጉዳይ ነው። ፍርሃቱ መሠረት አለው። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት ወንጀል ነው፤ ብዙ ነጋዴ በዚህ ምክንያት ታስሯል። በእንግሊዝ አገር ግን ሂሳብ ጎድሎ የተመለሰ ዳይሬክት ዴቢት ወይም ስታንዲንግ ኦርደር በራሱ ወንጀል አይደለም። በድርጅቱና በከፋዩ መካከል ያለ የዕዳ ጉዳይ ነው። ዕዳ ሰብሳቢ ሊደውል፣ ነገሩ ወደ ፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል፤ ስልኩን አንስቶ ፖሊስ ይመጣብሃል የሚል ሰው ግን ወይ አላወቀም ወይ አጭበርባሪ ነው።

ሌላው ስጋት የክሬዲት ሪከርድ ነው። የአንድ ቀን መመለስ ብቻውን በሪከርዱ ላይ አይጻፍም። የሚጻፈው አበዳሪው በየወሩ ለኤክስፔሪያን፣ ለኢኩዊፋክስና ለትራንስዩኒየን ሲያሳውቅ የወሩ ክፍያ አሁንም ያልተከፈለ ከሆነ ነው። በሳምንቱ የተከፈለ ክፍያ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ምልክት ሳይተው ያልፋል። ካልተከፈለና ዕዳው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ከደረሰ አበዳሪው ዲፎልት ብሎ ይመዘግባል፤ ይህ መዝገብ ለስድስት ዓመት ይቆያል፤ በኋላ ቢከፈልም እንኳ ተከፍሏል ይባላል እንጂ አይጠፋም።

ጥፋቱ ሁልጊዜ የከፋዩ አይደለም። ድርጅቱ ካሳወቀው ቀን ቀድሞ ወይም ካሳወቀው መጠን በላይ ቢስብ፣ በዚያም ምክንያት ሂሳቡ ጎድሎ ሌላ ክፍያ ቢመለስ፣ በዳይሬክት ዴቢት ዋስትና መሠረት የከፋዩ ባንክ በስሕተት የተወሰደውን ገንዘብ ሙሉውን ወዲያው ይመልሳል። ከፋዩ የሚያቀርበው ለባንኩ ነው እንጂ ወደ ድርጅቱ መሄድ አይጠበቅበትም። ማስረጃው የቅድሚያ ማስታወቂያው ደብዳቤ ወይም ኢሜይል ነው፤ መጠኑንና ቀኑን ከስቴትመንቱ ጋር ማመሳከር ነው። በዚያ ምክንያት የደረሰ ሌላ ወጪ ካለ ለይቶ መጠየቅ ይቻላል። ባንኩ ቅሬታውን በተወሰነለት ጊዜ ካልፈታ ፋይናንሻል ኦምቡድስማን በነፃ ይመለከተዋል። ዋስትናው ግን በእውነት ሂሳቡ ጎድሎ ለተመለሰ ክፍያ አይሠራም።

ክፍያ አንድ ጊዜ ሲከሽፍ የቀን ጉዳይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቀኑን ከደመወዝ በኋላ ወዳለ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ የሥራ ቀን በማዘዋወር ይፈታል። ለዚህ የሚደወለው ለድርጅቱ ነው፤ ባንኩ የዳይሬክት ዴቢትን ቀን አይለውጥም፤ የስታንዲንግ ኦርደርን ግን ከፋዩ ራሱ በአፑ መለወጥ ይችላል። በየወሩ ሲከሽፍ ግን ገቢና ወጪው አልተገናኘም ማለት ነው፤ ቀን ማዘዋወር አይበቃም። አበዳሪዎች ችግር ላይ የወደቀ ደንበኛን በአግባቡ የማስተናገድ ግዴታ ስላለባቸው የተቀነሰ ክፍያ ወይም የጊዜ ዕረፍት መጠየቅ ይቻላል። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2021 ጀምሮ ብሪዚንግ ስፔስ የሚባል ሥርዓት አለ፤ በዕዳ አማካሪ በኩል ሲጠየቅ ለ60 ቀናት በተካተቱት ዕዳዎች ላይ አብዛኛው ወለድና ቅጣት እንዲሁም የማስከፈል እርምጃ ይቆማል። ሲቲዝንስ አድቫይስና ስቴፕቼንጅን የመሳሰሉ አማካሪዎች ያለ ክፍያ ያማክራሉ። በ60ዎቹ ቀናትም የቤት ኪራይ፣ መብራትና ኢንሹራንስ የመሳሰሉ ወርኃዊ ክፍያዎች እንደወትሮው መከፈል አለባቸው፤ ካልተከፈሉ አማካሪው ጥበቃውን ሊያነሳው ይችላል።